የቪዲዮ ድምፅን ለዩቲዩብ ማስተካከል፦ ምርቃቱ እንዲሰማ፣ እልልታው ጆሮ እንዳይወጋ

ጅማ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጹና የሚያቀናብሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቪዲዮው ስቱዲዮ ውስጥ ሲታይ ጥሩ ነበር፣ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አይሰማም። ተመልካቹ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምራል፣ ወዲያው እልልታውና ዘፈኑ ሲገባ ደግሞ ጆሮውን ይይዛል። መልሱን በየግሉ ከመጻፍ እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ዩቲዩብ የድምፅ መጠን የሚለካው ስክሪን ላይ LUFS ተብሎ በሚታየው መለኪያ ነው። እዚህ ላፍስ እያልኩ እጽፈዋለሁ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይበረታል። የዩቲዩብ ማመሳከሪያ -14 ላፍስ ነው። ቪዲዮው ከዚያ በላይ ከጮኸ ዩቲዩብ ራሱ ይቀንሰዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን አይጨምርላችሁም፣ እንዳነሰ ይቀራል። ስለዚህ በጣም አስጩሆ መጫን ምንም አያተርፍም፣ አሳንሶ መጫን ደግሞ ያከስራል።

ግን ችግሩ -14 መምታት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቁልፍ ያልቅ ነበር። ከታች የምሠራው ምሳሌ ገና ከመጀመሪያው -14 አካባቢ ነው ያለው፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ለምን እንደሆነ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፕረሰር፣ ኢኪውና ሊሚተር ያለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ፕሪሚየርም ይሆናል።
- `ffmpeg` የሚባለው ነፃ ፕሮግራም። እዚህ የምንጠቀመው ለመለኪያ ብቻ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።
- ገመድ ያለው ማዳመጫ።
- አንድ ተራ ስልክ። ተመልካቹ የሚያየው በስልክ ስለሆነ የመጨረሻው ፈተና እሱ ላይ ነው።
- ያልተነካ የካሜራና የማይክ ኦሪጅናል ድምፅ። ከቴሌግራም ወይም ከዩቲዩብ መልሳችሁ ያወረዳችሁት አይሁን፣ እሱ አንዴ ተጨምቋል።

ምሳሌያችን

ከሰቃ በኩል የተቀረጸ የሰርግ ቪዲዮ ነው እንበል፣ ርዝመቱ 14 ደቂቃ። 4 ደቂቃው የሽማግሌዎች ምርቃት ነው፣ በካሜራው ማይክ ከሩቅ የተቀዳ። 2 ደቂቃው ሙሽሮቹ ሲገቡ ያለው እልልታ ነው። የቀረው 8 ደቂቃ ጭፈራና ዘፈን ነው። ቁጥሮቹ ለዚህ ምሳሌ የተሰሉ ናቸው፣ የእናንተ ይለያል። መንገዱ ግን ያው ነው።

እርምጃ 1፦ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ መኖሩን አረጋግጡ

ማዳመጫ አድርጉና ምርቃቱን ስሙ። የገመድ አልባ ማይክ ድምፅ ብዙ ጊዜ በግራ ብቻ ይቀዳና ቀኙ ባዶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ በክሊፑ የኦዲዮ ቻናል መቼት ውስጥ ሞኖ አድርጉትና በሁለቱም በኩል እንዲወጣ አድርጉ።

ይሄ ከመለካት በፊት መሠራት አለበት፣ ምክንያቱም መለኪያው የግራና የቀኝን ጉልበት ይደምራል። ያው ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን በሁለቱም ከሚሆነው በ3 ላፍስ ያነሰ ይነበባል። ከለካችሁ በኋላ ብታስተካክሉት ያወጣችሁት ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል።

እርምጃ 2፦ ሙሉውን ለኩ

ቪዲዮው ተቆርጦ፣ ዘፈኑ ገብቶ፣ ቅደም ተከተሉ ካለቀ በኋላ ድምፁን ብቻ `serg.wav` ብላችሁ አውጡ። ከዚያ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ የትዕዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፦

```
ffmpeg -hide_banner -nostats -i serg.wav -af ebur128=peak=true -f null -
```

ቁጥሮች ይዘንባሉ፣ አትደንግጡ። የሚያስፈልጋችሁ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ማጠቃለያ ብቻ ነው። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ይላል እንበል፦

```
I:         -14.5 LUFS
Threshold: -25.9 LUFS
LRA:        19.0 LU
Peak:        0.6 dBFS
```

`I` የሙሉ ቪዲዮው አማካይ መጠን ነው። -14.5 ይላል፣ ከዩቲዩብ ቁጥር ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው "አለቀ" ብሎ የሚጭነው። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለምን አይሰሙም?

መልሱ `Threshold` የሚለው መስመር ላይ አለ። መለኪያው ዝምታውንና በጣም ዝቅ ያለውን ክፍል ከአማካዩ ውስጥ አያስገባም። መጀመሪያ አጠቃላይ አማካይ ያወጣል፣ ከዚያ ከእሱ በ10 ያነሰውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ያሰላል። እዚህ የመቁረጫው ወሰን -25.9 ነው። ምርቃቱ ያለው -31 አካባቢ ስለሆነ ጭራሽ አልተቆጠረም። -14.5 የሚለው ቁጥር የእልልታውና የዘፈኑ ብቻ ነው። በአራቱ ደቂቃ ምርቃት ምትክ ባዶ ዝምታ ብታስገቡ እንኳን ቁጥሩ አይነቃነቅም።

ይህን የሚያጋልጠው `LRA` ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ክፍል መካከል ያለውን ርቀት ይናገራል። 19 ለስልክ ተመልካች በጣም ሰፊ ነው። ንግግርና ሙዚቃ ለተቀላቀለበት የሰርግ ቪዲዮ እኔ ከ5 እስከ 9 ባለው ውስጥ እንዲያርፍ ነው የምሠራው። ከ12 ካለፈ ተመልካቹ ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ ይውላል።

`Peak` ደግሞ የድምፁ ጫፍ ነው። ከዜሮ ማለፉ፣ ማለትም 0.6 መሆኑ፣ እልልታው ላይ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ እንዳለ ወይም ሲጨመቅ እንደሚመጣ ይነግራችኋል።

እርምጃ 3፦ ክፍል ክፍሉን ለየብቻ ለኩ

ምርቃቱ ከ2ኛው ደቂቃ ጀምሮ 4 ደቂቃ ይሄዳል እንበል። እሱን ብቻ ለመለካት፦

```
ffmpeg -hide_banner -nostats -ss 00:02:00 -t 00:04:00 -i serg.wav -af ebur128=peak=true -f null -
```

`-ss` የሚጀምርበት ሰዓት ነው፣ `-t` ደግሞ ርዝመቱ። እልልታውንም ዘፈኑንም እንደዚሁ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኛ፦

- ምርቃት፦ -31 ላፍስ
- እልልታ፦ -13 ላፍስ፣ ጫፉ 0.6
- ዘፈንና ጭፈራ፦ -15 ላፍስ፣ ጫፉ -1

አሁን ችግሩ በቁጥር ተቀመጠ። በምርቃቱና በእልልታው መካከል 18 ልዩነት አለ። ይሄ ልዩነት ሳይጠብ ሙሉውን ፋይል ከፍ ዝቅ ብታደርጉት ሁሉም አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል።

እርምጃ 4፦ ምርቃቱን አጽዱና ከፍ አድርጉ

ግባችን ምርቃቱን -19 አካባቢ ማድረስ ነው፣ ማለትም 12 ዲቢ መጨመር። ድምፁን 1 ዲቢ ስትጨምሩ ላፍሱም በ1 ይጨምራል። ድምፁ በ12 ሲጨምር ግን ከኋላው ያለው ጫጫታም በ12 ይጨምራል። ስለዚህ ጽዳቱ ይቀድማል።

መጀመሪያ በኢኪው ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የጄነሬተር ጉርምርምታ፣ የነፋስ ምትና በመንገዱ የሚያልፍ መኪና ድምፅ አብዛኛው እዚያ ነው ያለው። ከሽማግሌዎቹ ድምፅ የሚጎድለው ግን ብዙም አይታወቅም። ከዚያ የፕሮግራማችሁን የጫጫታ መቀነሻ በትንሹ ተጠቀሙ። የሚናገረው ሰው ድምፅ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ መምሰል ከጀመረ አልፋችኋል፣ መለስ በሉ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ የጅማ ዝናብ ካለ በዚህ መንገድ አይጠፋም። የዝናቡ ድምፅ ንግግሩ ያለበትን ቦታ በሙሉ ስለሚሸፍን፣ እሱን ለማጥፋት ስትታገሉ ንግግሩን ትበሉታላችሁ። እንዲህ ካለ 12 መጨመሩን ትታችሁ በ8 ወይም በ9 ተወሰኑና ከስር ጽሑፍ ጨምሩበት።

ቀጥሎ የክሊፑን ድምፅ 12 ዲቢ ከፍ አድርጉ። ስሙት። የሽማግሌዎቹ ንግግር ደህና ይሆናል፣ ካሜራው አጠገብ የቆመ ሰው "አሜን!" ሲል ወይም ሲያስል ግን በድንገት ይፈነዳል። ለዚህ ነው ኮምፕረሰር የሚያስፈልገው። ሬሾውን 3፣ አታኩን 10 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዙን 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ አድርጉ። ትሬሾልዱን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ መሥራት የሚጀምርበትን መጠን፣ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ጮክ ባለው ቃል ላይ መርፌው ከ4 እስከ 6 ዲቢ ሲቀንስ፣ በዝቅተኛው ንግግር ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይነካ ሲቀር ቦታው ላይ ናችሁ። ሁልጊዜ የሚቀንስ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፣ በየንግግሩ መካከልም ጫጫታው ሲነሳና ሲወርድ ይሰማችኋል።

ኮምፕረሰሩ ራሱ መጠኑን ትንሽ ስለሚያወርደው ክፍሉን እንደገና አውጥታችሁ ለኩትና እስከ -19 ድረስ ሙሉት። ጫፉ -5 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

እርምጃ 5፦ እልልታውንና ዘፈኑን አውርዱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። "ደስታው ይቀዘቅዛል" ይላሉ። አይቀዘቅዝም፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም አብሮ ከፍ ይላል።

እልልታውን 4 ዲቢ ቀንሱ፣ -17 ላይ ያርፋል። ዘፈኑን 2 ዲቢ ቀንሱ፣ እሱም -17 ይሆናል። ከምርቃቱ በ2 እንዲበልጡ የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ጭፈራ ከንግግር ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ካመጣችሁት ቪዲዮው ሕይወት ያጣል።

እልልታ ግን በመጠን ብቻ አይገራም። ቀጭንና ሹል ድምፅ ነው፣ ጉልበቱ የሰው ጆሮ በጣም በሚነካበት አካባቢ ነው የሚሰበሰበው። ላፍሱ ከዘፈኑ ጋር እኩል ሆኖም ሊወጋ ይችላል። ስለዚህ በኢኪው ከ2500 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ላይ 3 ዲቢ ያህል ቀንሱ፣ እልልታው ባለበት ክሊፕ ላይ ብቻ። ለሙሉ ቪዲዮው ካደረጋችሁት የሽማግሌዎቹ ንግግር ጥራት አብሮ ይሄዳል፣ ቃላቱን የምንለየው በዚያው አካባቢ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እልልታው ሲቀረጽ ካሜራው ላይ ቀይ መትቶ ከተሰነጠቀ አሁን ብትቀንሱት ዝቅ ያለ ስንጥቅ ነው የሚሆነው። ያንን ቦታ ከሌላ ካሜራ ወይም ከስልክ በተቀዳ ድምፅ ተኩት።

እርምጃ 6፦ እንደገና ለኩ፣ ልዩነቱን በማስተር ላይ ጨምሩ

እንደገና `serg.wav` አውጡና በእርምጃ 2 ትዕዛዝ ለኩ። የእኛ አሁን -17.5 ላፍስ ሆነ፣ `LRA` ደግሞ ከ19 ወደ 6 ገደማ ወረደ። የመቁረጫው ወሰንም -27.5 አካባቢ ስለሆነ -19 ላይ ያለው ምርቃት አሁን ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ ነው አማካዩ የቪዲዮውን እውነት የሚናገረው።

ከ-17.5 ወደ -14 ለመድረስ 3.5 ዲቢ ይጎድላል። ይህን በማስተር ትራኩ ላይ ጨምሩ። ከፍተኛው ጫፍ የዘፈኑ ነው፣ -3። 3.5 ሲጨመርበት 0.5 ይሆናል፣ ማለትም ከጣሪያው ያልፋል። ስለዚህ ከጭማሪው በኋላ ሊሚተር አስገቡና ጣሪያውን -1.5 ላይ ስቀሉ። ሊሚተሩ በጣም ኃይለኛ በሆኑት ምቶች ላይ 2 ዲቢ ያህል ብቻ ይቆርጣል፣ ይሄን ጆሮ አያውቀውም።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ሊሚተሩ መጀመሪያ ከሆነና ጭማሪው ከኋላው ከመጣ፣ ሊሚተሩ የያዘውን ጫፍ ጭማሪው መልሶ ከጣሪያው ያሳልፈዋል።

ከ0 ይልቅ -1.5 ያልኩበት ምክንያት ዩቲዩብ ፋይላችሁን እንደገና ስለሚጨምቀው ነው። ሲጨመቅ የሞገዱ ቅርጽ ትንሽ ይለወጣል፣ ጫፎቹም እዚህም እዚያም ከነበሩበት ይበልጣሉ። ክፍተት ካልተዋችሁ ያ ትርፍ ስንጥቅ ሆኖ ስልክ ላይ ይወጣል። ሊሚተራችሁ ትሩ ፒክ የሚል ምርጫ ካለው አብሩት።

ሊሚተሩ ከ4 ዲቢ በላይ አዘውትሮ የሚቆርጥ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ዘለላችሁ ማለት ነው። ወደ እርምጃ 4 እና 5 ተመለሱ። ጆሮ የሚያደክመው ጠፍጣፋ ድምፅ የሚመጣው ክፍሎቹ ሳይስተካከሉ ሥራው ሁሉ ሊሚተሩ ላይ ሲጣል ነው።

እርምጃ 7፦ ያለቀውን ፋይል ራሱን ለኩ

ቪዲዮውን በመጨረሻው ቅርጽ አውጡ፣ ድምፁን `AAC`፣ 48000 ኸርዝ፣ 320 ኪሎቢት አድርጉ። ከዚያ `mp4` ፋይሉን ለኩ፦

```
ffmpeg -hide_banner -nostats -i serg_final.mp4 -vn -af ebur128=peak=true -f null -
```

`-vn` ምስሉን ስለሚዘለው በፍጥነት ያልቃል። ከ-13.5 እስከ -14.5 ባለው ውስጥ ከሆነ ተዉት፣ በዚህች ልዩነት ላይ ጊዜ አታጥፉ። `Peak` ከ-1 በላይ ከወጣ ግን፣ ለምሳሌ -0.3 ካለ፣ የሊሚተሩን ጣሪያ ወደ -2 አውርዳችሁ እንደገና አውጡ።

ከዚያ ስልኩን ያዙ። ማዳመጫ ሳትሰኩ፣ በስልኩ ስፒከር፣ መካከለኛ ድምፅ ላይ አድርጋችሁ፣ ባጃጅ በሚያልፍበት በር ላይ ቆማችሁ ምርቃቱን ስሙ። ቃላቱ ይለያሉ? ከዚያ ድምፁን ሳትነኩ እልልታውን ስሙ። እጃችሁ ወደ መቀነሻው ካልሄደ ደህና ነው። ከሄደ እልልታውን ሌላ 1 ወይም 2 ዲቢ አውርዱ። ቁጥሩ ያሳየው ጆሮ ካልተቀበለው ጆሮውን እመኑ።

እርምጃ 8፦ ዩቲዩብ ላይ አረጋግጡ

ቪዲዮውን ለሰው በማይታይ ሁኔታ ጫኑት። በኮምፒውተር ብራውዘር ከፍታችሁ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጉና `Stats for nerds` የሚለውን ምረጡ። `Volume / Normalized` ከሚለው መስመር መጨረሻ `content loudness` የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ልክ ነው። 4 ዲቢ ከሆነ ቪዲዮው በ4 ይጮሃል፣ ዩቲዩብም ወደ 63 በመቶ አውርዶታል። -6 ከሆነ ከማመሳከሪያው በ6 ያንሳል፣ ማንም አይጨምርላችሁም።

ከሌላ ሰው ቪዲዮ ጋር ስታወዳድሩ `Stable volume` የሚለውን በመቼቱ ውስጥ አጥፉት። እሱ ሲበራ ዩቲዩብ ራሱ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ስለሚያቀራርብ የራሳችሁን ሥራ አትሰሙም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እያንዳንዱን ክሊፕ ለየብቻ በአውቶማቲክ -14 ማድረግ። ሰው በማይናገርበት ክሊፕ ውስጥ ያለው የጄነሬተር ድምፅም -14 ሆኖ ይወጣል። በየቁርጡም የኋላው ድምፅ ይዘላል። አውቶማቲኩን ለአንድ ሙሉ ክፍል እንጂ ለቁርጥራጭ አትጠቀሙበት።

ጫፉን ዜሮ ላይ አድርሶ "ሞላ" ማለት። ጫፍና መጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጭብጨባ ዜሮ ሲነካ ቀሪው -30 ላይ ሊቀር ይችላል።

ከለኩ በኋላ መግቢያ ዘፈን ወይም የስቱዲዮውን ማስታወቂያ መጨመር። ለኩ፣ ጨመሩ ማለት እንደገና መለካት ነው። በተለይ የተዘጋጀ ዘፈን ብዙ ጊዜ -8 እና -9 ላፍስ ሆኖ ስለሚመጣ ከሰርጉ ድምፅ በጣም ይበልጣል።

በብሉቱዝ ማዳመጫ ወይም በትልቅ ስፒከር ብቻ መወሰን። ትልቁ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ይሞላዋል፣ የሽማግሌው ድምፅ ደህና ይመስላል። ስልኩ ላይ ያ ወፍራም ክፍል የለም።

አንዱን ፋይል ለሁሉም መላክ። ለዩቲዩብ የሠራችሁትን -14 የአውሮፓን መመዘኛ ለሚከተል ቴሌቪዥን ጣቢያ ከሰጣችሁ በ9 ይበልጥበታል፣ የእሱ ቁጥር -23 ነውና። ድምፁን ብቻ ለፖድካስት ከፈለጋችሁት አፕል የሚመክረው -16 ነው። ሁለቱም ጋ ክፍሎቹን እንደገና ማስተካከል አያስፈልግም። ከእርምጃ 6 ጀምራችሁ የማስተሩን ጭማሪ ብቻ ቀይሩ። በእኛ ምሳሌ ለ-16 የሚጨመረው 3.5 ሳይሆን 1.5 ዲቢ ነው። ለ-23 ደግሞ ከ-17.5 ላይ 5.5 ዲቢ ትቀንሳላችሁ፣ ያን ጊዜ ሊሚተሩ የሚቆርጠው ነገር አይኖርም።

የፕሮጀክቱን ፋይል ሳታጠፉ አስቀምጡ። ቤተሰቡ ከወር በኋላ "ለቲቪም እንፈልገዋለን" ሲሉ ከተጨመቀው `mp4` ላይ መሥራት ሳይሆን ፕሮጀክቱን ከፍቶ አንድ ቁጥር መቀየር ነው የሚቀራችሁ።